በተቅማጥ ወረርሽኝ ጊዜ የተበከለውን ውሃ መነሻ ስለ መፈለግ፤ ከአዳማና ከስምጥ ሸለቆ ከተሞች አንጻር

የተጣራ የቧንቧ ውሃ ባለው ከተማ ውስጥ አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ሲነሣ፣ ከሚመለከታቸው ክፍሎች ዘንድ በመጀመሪያ የሚሰማው መልስ «ክሎሪኑ በማጣሪያው ጣቢያ በየቀኑ ይጨመራል» የሚል ነው። አባባሉ ብዙውን ጊዜ እውነት ነው፤ ሆኖም ለጥያቄው መልስ አይሆንም። በሽታውን የሚወስነው ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ ሳይሆን፣ በቦኖው አፍ ላይ ከእናቶች ጀሪካን የሚገባው ውሃ ነው። በእነዚህ ሁለት ነጥቦች መካከል በርካታ ኪሎ ሜትሮች የተዘረጋ ቱቦ አለ።

ቀድሞ ናዝሬት ትባል የነበረችውን አዳማን እንመልከት። የከተማዋ ውሃ በቆቃ አካባቢ ከአዋሽ ወንዝ ተጠልፎ፣ ተጣርቶና ክሎሪን ተጨምሮበት፣ በፓምፕ ወደ ማጠራቀሚያዎች ይወጣና ከዚያ ወደ ሰፈሮች ይወርዳል። ከተማዋ በኮረብታዎች በተከበበ ዝቅተኛ ስፍራ ላይ የተቆረቆረች በመሆኗ፣ በክረምት ከኮረብታዎቹ የሚወርደው ጎርፍ በመንገዱ ያገኘውን መጸዳጃ ጉድጓድና ቦይ ሁሉ እያጠበ ወደ መሐል ይገባል። መብራት ሲጠፋ ወይም ውሃ በተራ ሲታደል ቱቦው ባዶ ይሆናል። ባዶ ቱቦ ደግሞ ይስባል፤ ጎርፍ በሞላው ቦይ ውስጥ የሚያልፍ አንድ የላላ መገጣጠሚያ ካለ፣ ቆሻሻው በዚያ በኩል ይገባል። ውሃው ሲመለስ ይህ ሁሉ ተጠርጎ የሚወጣው ማልዶ ከተሰለፈው ሰው የመጀመሪያ ጀሪካን ውስጥ ነው።

በ1998 ዓ.ም. በጋምቤላ ጀምሮ ኦሮሚያን ጨምሮ ወደ ብዙ ክልሎች የተዛመተው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ በሽታው ከሰው ጋር እንደሚጓዝ በግልጽ አሳይቷል። በድርቅ ወይም በግጭት ምክንያት ሕዝብ ወደ ከተሞች ሲፈልስ፣ ለጥቂት መቶ ሰዎች የታሰበው ቦኖ ሺህዎችን ማስተናገድ ይጀምራል፤ የውሃው ግፊትም በዚያው መጠን ይወርዳል።

ፍለጋው የሚጀምረው ከሕክምና ጣቢያው መዝገብ ነው። የእያንዳንዱ በሽተኛ ዕድሜ፣ ቀበሌና ሰፈር፣ ሕመሙ የጀመረበት ቀን፣ እንዲሁም ከዚያ በፊት በነበሩት 5 ቀናት ከየት ውሃ እንደጠጣ ይጻፋል። አምስት ቀን የተባለው ኮሌራ ከገባ በኋላ ከጥቂት ሰዓታት እስከ 5 ቀን ድረስ ሊያቆይ ስለሚችል ነው። ለናሙና የሚወሰደው ሰገራ ኬሪ ብሌር በተባለው ማጓጓዣ ውስጥ ሆኖ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፤ ለአካባቢው በአዳማ የሚገኘው የሕብረተሰብ ጤና ምርምርና ሪፈራል ላቦራቶሪ ማዕከል ቅርብ ነው። ውጤቱ እስኪመጣ ግን ካርታው መሠራት አለበት።

በካርታ ላይ በሽተኞቹ በአንድ ቦኖ ዙሪያ ተሰብስበው መታየታቸው ብቻ አይበቃም። በዚያ ሰፈር ጤነኞቹም ከዚያው ቦኖ ይቀዱ ይሆናልና፣ እነርሱም መጠየቅ አለባቸው። ለማስረዳት ያህል፣ 30 በሽተኞችና 60 ጤነኛ ጎረቤቶች ተጠየቁ እንበል። ከበሽተኞቹ 24ቱ ከተጠረጠረው ቦኖ ጠጥተዋል፤ 6ቱ አልጠጡም። ከጤነኞቹ 18ቱ ጠጥተዋል፤ 42ቱ አልጠጡም። በበሽተኞቹ ዘንድ የጠጡት ካልጠጡት 4 እጥፍ ሲሆኑ፣ በጤነኞቹ ዘንድ ግን የጠጡት ካልጠጡት ግማሽ እንኳ አይሞሉም። ሁለቱ ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ከ9 እጥፍ በላይ ነው። ይህን ያህል ልዩነት ቦኖውን ለጊዜው ለመዝጋት በቂ ምክንያት ነው። ያልጠጡት 6 በሽተኞችም መዘንጋት የለባቸውም፤ በቤታቸው ከታመመ ሰው ተይዘው ወይም በሻይ ቤት ያንኑ ውሃ ጠጥተው ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የቀሪ ክሎሪን ልኬታ ነው። በአነስተኛ የኪስ መለኪያና በእንክብል የሚሠራ ስለሆነ በአንድ ቀን ብዙ ቦታ ማዳረስ ይቻላል። ልኬታው ከማጠራቀሚያው ተነሥቶ የቱቦውን መስመር ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። ቀሪ ክሎሪን ርቀት በጨመረ ቁጥር ቀስ በቀስ መቀነሱ የሚጠበቅ ነው። በማጠራቀሚያው 0.8 ሚሊግራም በሊትር፣ በዋናው መንገድ 0.6፣ ከአንዱ ቦይ ማዶ ግን ዜሮ ከሆነ፣ ክሎሪኑን የበላ ቆሻሻ በእነዚያ ሁለት ነጥቦች መካከል ገብቷል ማለት ነው። ቁፋሮው የሚጀመረውም እዚያው ላይ ነው።

በዚህ ረገድ ብዙ ጊዜ የሚፈጸም ስሕተት አለ። መርማሪዎች ረፋዱ ላይ፣ ውሃው ለሰዓታት ከፈሰሰ በኋላ ይመጡና ጥሩ ውጤት አግኝተው ቦኖውን ነጻ ያደርጉታል። መለካት የሚገባው ግን ውሃው ተቋርጦ ሲመለስ የሚወጣው የመጀመሪያው ውሃ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን። ለጀርም ምርመራ የሚቀዳው ናሙናም ክሎሪኑን በሚያመክን ሶዲየም ታዮሰልፌት በታከመ ንጹሕ ጠርሙስ ተይዞ፣ በበረዶ ሳጥን ካልተጓጓዘ፣ በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ክሎሪን በመንገድ ላይ ጀርሙን ይገድልና የተሳሳተ መልስ ይሰጣል። አንድ ንጹሕ ውጤት የሰዎቹን መዝገብ ሊሽር አይችልም።

ቦኖው ሲዘጋ ሕዝቡ በዚያው ሰዓት ሌላ ውሃ ማግኘት አለበት፤ አለበለዚያ ወደ ወንዝና ወደ ቦይ ይወርዳል። የሚላከው ቦቴ ውሃ የክሎሪን መጠን በግምት ሳይሆን በሙከራ ይወሰናል። 70 በመቶ ጥንካሬ ካለው የክሎሪን ዱቄት 15 ግራም በ1 ሊትር ውሃ ሲሟሟ በግምት 1 በመቶ የሆነ መድኃኒት ይገኛል። እያንዳንዳቸው 20 ሊትር በሚይዙ 4 ባልዲዎች ውስጥ ከዚህ በተራ 2፣ 4፣ 6 እና 8 ሚሊሊትር ይጨመራል። ከ30 ደቂቃ በኋላ ቀሪው ይለካል። 6 ሚሊሊትር የገባበት ባልዲ 0.6 ካሳየ፣ 10,000 ሊትር ለሚይዝ ቦቴ 3 ሊትር መድኃኒት ያስፈልጋል ማለት ነው። ይሁንና በኮሌራ ጊዜ ቦቴው ሲሞላ 2 ሚሊግራም ቀሪ እንዲኖረው ስለሚመከር፣ መጠኑ ወደ 4.5 ሊትር ከፍ ይላል። ቦቴው ሲደርስ እንደገና ይለካል። ውሃው ድፍርስ ከሆነ አስቀድሞ በአለም ሊጠል ይገባል፤ ክረምት ላይ የአዋሽ ውሃ እንዳለ ቢቀዳ ጭቃው ክሎሪኑን ይጨርሰዋል። በመጋዘን የቆየ በረኪናም በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ጉልበቱን ያጣልና፣ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ማመን አይገባም።

የተበላሸው መገጣጠሚያ ከተቀየረ በኋላ ቱቦው በ25 ሚሊግራም ክሎሪን ተሞልቶ ለ24 ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያም ይታጠባል። በዚህ ጊዜ ከመስመሩ ማንም እንዳይጠጣ ጠባቂ ይመደባል። ቦኖው የሚከፈተው ቀሪ ክሎሪኑ ውሃው ተቋርጦ ከተመለሰ በኋላ ጭምር 1.0 ሆኖ ሲገኝ ነው።

በስምጥ ሸለቆ ከተሞች አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ቧንቧው ሲዘጋ አማራጭ ሆኖ የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ የቀድሞው ጥልቅ ጉድጓድ ነው። የዚህ ጉድጓድ ውሃ ከጀርም የራቀ ቢሆንም ፍሎራይዱ ከፍተኛ ነው፤ በወንጂ ሸዋ ስኳር እርሻ ሠራተኞች ጥርስና አጥንት ላይ ያደረሰው ጉዳት ለረጅም ዓመታት ሲጠና ኖሯል። ክሎሪንም ማፍላትም ፍሎራይድን አያስወግዱም። ሆኖም ፍሎራይድ በዓመታት የሚጎዳ ሲሆን ኮሌራ በሰዓታት ይገድላል። ስለዚህ ለጥቂት ሳምንታት ጉድጓዱን መክፈት ተገቢ ነው፤ የሚዘጋበት ቀን ግን በሚከፈትበት ቀን አብሮ መጻፍ አለበት። የተከፈተ ጉድጓድ ሳይዘጋ ቀርቶ፣ ከዓመታት በኋላ የሕፃናት ጥርስ ሲቦረቡርና ሲጠቁር የታየባቸው ሰፈሮች አሉና።