የዓባይ ገደል ንብርብር በቪዲዮ እንዳይጎብጥ
(የሚንቀጠቀጥ ምስል ሲረጋ የሚከፈለው ዋጋ)

ከደጀን ወደ ዓባይ የሚወርደውን ገደል በሞባይል ቀርጾ በጂኦግራፊ ክፍለ ጊዜ ለተማሪዎች ማሳየት ሞባይል የያዘ እጩ መምህር ሁሉ ሊሠራው የሚችለው ነገር ነው። ሆኖም በእጅ የተያዘ ካሜራ መንቀጥቀጡ አይቀርም። የተንቀጠቀጠውን ምስል በኮምፒውተር ማርጋት ይቻላል፤ ነገር ግን ማርጋት ዋጋ አለው። ዋጋውም ሁለት ዓይነት ነው፦ ወይ የምስሉ ጠርዝ ይቆረጣል፣ ወይ ምስሉ ራሱ ይጣመማል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱ ከምን እንደሚመጡና ለትምህርት መርጃ መሣሪያ የትኛው እንደሚሻል ለማስረዳት ይሞክራል።

ገደሉን ለምሳሌነት የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው በዚህ ገደል ግድግዳ ላይ የምድር ታሪክ ተደርድሮ ይታያል። ከታች ወደ ወንዙ ገደማ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከእርሱ በላይ ጂፕሰም ያለበት ንብርብር፣ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከእሳተ ገሞራ የመጣው ባዛልት አለ። ንብርብሮቹ በአብዛኛው አግድም የተነጠፉ ናቸው። መምህሩ በሰሌዳ ላይ «የታችኛው ንብርብር ከላይኛው ይቀድማል» ብሎ የሚያስተምረውም ይህንኑ አግድም አቀማመጥ መሠረት አድርጎ ነው። እንግዲህ ቪዲዮው የላይኛውን ባዛልት ቢቆርጥ ትምህርቱ ይጎድላል፤ አግድሙን ቢያጎብጥ ደግሞ ተማሪው የሌለ የአለት እጥፋት አይቶ ይሄዳል። ጉድለቱን መምህሩ በቃል ሊሞላው ይችላል፤ በዓይን የታየ ስሕተት ግን በቃል በቀላሉ አይነቀልም።

ማርጋት ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ሴኮንድ ቪዲዮ ብዙውን ጊዜ 25 ወይም 30 ተከታታይ ፎቶግራፎች የያዘ ነው። እጅ ሲንቀጠቀጥ የገደሉ ምስል በአንዱ ፎቶግራፍ ላይ ትንሽ ወደ ግራ፣ በሚቀጥለው ትንሽ ወደ ላይ፣ በሌላው ደግሞ ዘመም ብሎ ይያዛል። አርጊው ፕሮግራም ሁለት ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ ተከታታዮቹን ፎቶግራፎች እያነጻጸረ ምስሉ በየጊዜው ምን ያህል እንደተነቃነቀ ይመዘግባል። ከዚያ የተመዘገበውን መንገድ ያለሰልስና እያንዳንዱን ፎቶግራፍ በተቃራኒው አቅጣጫ ይገፋዋል። ምስሉ ወደ ግራ ከሄደ ወደ ቀኝ ይመልሰዋል፣ ከዘመመ ያቃናዋል።

በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍን ወደ ቀኝ ብንገፋው በግራ በኩል ባዶ ግድግዳ ይታያል። በቪዲዮም እንዲሁ ነው፤ የተገፋው ፎቶግራፍ ጥቁር ጠርዝ ትቶ ይሄዳል። ያን ለመሸፈን ፕሮግራሙ ምስሉን ያጎላል፣ ከአራቱም ማዕዘን የወጣው ተርፎ ይቆረጣል። የመጀመሪያው ዋጋ ይህ ነው።

ምን ያህል ይቆረጣል?

በምሳሌ እንየው። የቪዲዮው ስፋት 1920፣ ቁመቱ 1080 የምስል ነጥብ ነው እንበል። ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆመን ስንቀርጽ ነፋስ መጥቶ ካሜራው ቢበዛ 80 ነጥብ ወደ ግራ፣ 80 ነጥብ ወደ ቀኝ ተወዛወዘ። በሁለቱ ጎን 160 ነጥብ ስለሚጠፋ 1760 ይቀራል። ይህን እንደገና 1920 ለማድረግ ምስሉን 1.09 ጊዜ ማጉላት ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ ካሜራው 2 ዲግሪ ዘመም ብሎ ነበር ቢባልስ? ሁለት ዲግሪ በዓይን ብዙ አይመስልም። ሆኖም የተቃናው ፎቶግራፍ ማዕዘኖቹን ባዶ ስለሚተው፣ ለዚህ መጠን ላለው ምስል ብቻውን ወደ 1.06 ጊዜ ማጉላት ይጠይቃል። ሁለቱ ሲባዙ 1.16 ገደማ ይሆናል። በመጨረሻ ከቀረጽነው የሚቀረው ወደ 1,660 በ930 ነጥብ ነው፤ ይህም ማለት ከምስሉ ጠቅላላ ነጥቦች ሩቡ ያህል ሄዷል። እዚህ ላይ ልብ እንበል፦ ካሜራው በዋናነት የተወዛወዘው ወደ ጎን ቢሆንም ከላይና ከታችም 70 ነጥብ ያህል በየበኩሉ ተቆርጧል፤ ምክንያቱም ምስሉ ሲጎላ ስፋቱና ቁመቱ አብረው ነው የሚጎሉት። ባዛልቱ በምስሉ የላይኛው ጠርዝ ላይ በቀጭኑ ተይዞ ከነበረ ጠፍቷል ማለት ነው።

ብዙ ነጥብ ባለው አቀራረጽ፣ ለምሳሌ በ3840 በ2160 ቀርጾ በ1920 ማሳየት የምስሉን ጥራት ያድናል። የጠፋውን ጠርዝ ግን አይመልስም። ጠርዙን የሚያድነው ሲቀረጽ የተተወ ትርፍ ቦታ ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ጎን የምስሉን አንድ አሥረኛ ያህል ለቁርጥ ብንተው፣ ማለትም ከባዛልቱ በላይ በቂ ሰማይ፣ ከሚፈለገው ንብርብር በታች በቂ መሬት ብናስገባ፣ እስከ 1.25 ጊዜ ማጉላት ድረስ ዋናው ነገር አይነካም።

በነጻ የሚገኘው FFmpeg የተባለው ፕሮግራም ቪድስታብ ከሚባለው ክፍል ጋር ከተጫነ ሥራውን በሁለት ትእዛዝ ይፈጽማል። የመጀመሪያው ንቅናቄውን ይመዘግባል፣ ሁለተኛው ያረጋል፦

```
ffmpeg -i gedel.mp4 -vf vidstabdetect=shakiness=5:result=gedel.trf -f null -
ffmpeg -i gedel.mp4 -vf vidstabtransform=input=gedel.trf:smoothing=15:optzoom=0:crop=black test.mp4
```

በሁለተኛው ትእዛዝ ውስጥ `smoothing=15` ማለት ከእያንዳንዱ ፎቶግራፍ በፊት 15፣ በኋላም 15 ፎቶግራፎችን እያየ መንገዱን ያለስልስ ማለት ነው። በሴኮንድ 30 ፎቶግራፍ ለሆነ ቪዲዮ ይህ የአንድ ሴኮንድ ያህል ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ምስሉ ይበልጥ ይረጋል፣ የሚቆረጠውም ይበዛል። `optzoom=0:crop=black` ያልነው ሆን ብለን ነው፤ ምስሉ ሳይጎላ ጥቁሩ ጠርዝ እንዳለ ይታያል። ይህ ዋጋውን ከመክፈል በፊት ሂሳቡን እንደማየት ነው። ጥቁሩ ባዛልቱን የሚነካ ካልሆነ `optzoom=0` የሚለውን በ`optzoom=1` ተክቶ መጨረስ ይቻላል።

በዚህ ሙከራ ብዙ ጊዜ የሚታይ አንድ ነገር አለ። ሠላሳ ሴኮንድ ደህና የነበረ ምስል በአንዲት ቅጽበት፣ ቀራጩ እግሩን ድንጋይ ሲመታው፣ ትልቅ ጥቁር ጠርዝ ያወጣል። `optzoom=1` ለጠቅላላው ቪዲዮ አንድ ወጥ ማጉላት ስለሚመርጥ የአንዲቷ ቅጽበት ዕዳ ደህናው ላይ ሁሉ ይጫናል፤ ያም ሆኖ በዚያች ቅጽበት ጥቁር ጠርዝ ሊቀር ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ያቺን ቅጽበት አስቀድሞ ቆርጦ ማውጣትና የቀሩትን ሁለት ክፍሎች ለየብቻቸው ማርጋት።

ምስሉ የሚጣመመው መቼ ነው?

እስካሁን ያየነው ዘዴ እያንዳንዱን ፎቶግራፍ እንዳለ ነው የሚገፋውና የሚያዞረው። ቀጥ ያለው መስመር ቀጥ እንዳለ ይቆያል። ከአፋፉ ላይ ቆሞ ማዶውን ለሚቀርጽ ሰው ይህ ዘዴ ይበቃል፤ ማዶው በብዙ ኪሎ ሜትር የራቀ ስለሆነ፣ እጅ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢንቀሳቀስ የገደሉ ክፍሎች እርስ በርሳቸው ቦታ አይለዋወጡም። ምስሉን የሚያናውጠው የካሜራው አቅጣጫ መዛባት ብቻ ነው።

እየተራመድን ወይም በአውቶቡስ መስኮት ስንቀርጽ ግን ነገሩ ይለወጣል። በሦስት ሜትር ርቀት ያለው ቁጥቋጦ በፍጥነት ሲያልፍ ማዶው ግድግዳ የቆመ ይመስላል። አንድ ግፊት ለሁለቱም አይሆንም፤ ግድግዳውን ብናረጋ ቁጥቋጦው ይዘላል፣ ቁጥቋጦውን ብናረጋ ግድግዳው ይዘላል። ለዚህ ችግር ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ሌላ መንገድ አሳዩ። ምስሉ እንደ መረብ በብዙ ትናንሽ ዓይኖች ይከፈልና እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው ይጎተታል ወይም ይለጠጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን መሰል ዘዴ `Warp Stabilizer` በሚል ስም በአዶቤ ፕሮግራም ውስጥ ገባ፤ ካልቀየሩት በቀር የሚሠራውም `Subspace Warp` በተባለው የማጣመም ስልት ነው።

ይህ ዘዴ ለሠርግና ለጉዞ ፊልም ብዙ ጊዜ ያማረ ውጤት ይሰጣል፤ ፊትና ቅጠል ትንሽ ቢለጠጥ ማንም አያውቅበትም። በንብርብር ላይ ግን ይታወቃል። ቁጥቋጦው ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያሉት የመረቡ ዓይኖች ወደ ሁለት አቅጣጫ ስለሚሳቡ፣ ከኋላ ያለው የኖራ ድንጋይ መስመር ቁጥቋጦው ሲያልፍ ይጎብጣል፣ ካለፈ በኋላ ይቃናል። ግድግዳው የሚተነፍስ ይመስላል።

እንዴት ይታወቃል ቢሉ፣ ማስመሪያ ይበቃል። ቪዲዮውን አቁሞ በስክሪኑ ላይ አንድ የንብርብር መስመር አጠገብ ማስመሪያ ማሳረፍ፣ ከዚያ ትንሽ ትንሽ እያስኬዱ መስመሩ ከማስመሪያው ይለቅ እንደሆነ ማየት ነው። የሕዳሴ ድልድይ በምስሉ ውስጥ ካለ ደግሞ የበለጠ ምስክር ነው፤ የድልድይ መንገድ ቅርጹን አይለዋውጥም። በዚህ ጊዜ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የሞባይሉ ሰፊ ሌንስም በጠርዝ አካባቢ ያለ መስመርን ያጎብጣል፤ ነገር ግን የሌንስ ጉብጠት በምስሉ ላይ ያለበትን ቦታ አይለቅም። የአርጊው ጉብጠት ግን ከጊዜ ጋር ይመጣል፣ ይሄዳል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል?

ቀጥ ያለ መስመር ራሱ ትምህርት በሚሆንበት ቦታ፣ ማለትም ለንብርብር፣ ለሰሌዳ ጽሑፍ፣ ለካርታና ለመለኪያ መሣሪያ፣ ጠርዙን ከፍሎ ቅርጹን ማዳን ይሻላል። በቪድስታብ ከሠሩ ጉዳዩ አልቋል፤ ያጎላል፣ ይገፋል፣ ያዞራል እንጂ አያጣምምም። በ`Warp Stabilizer` የሚሠራ ሰው ደግሞ ስልቱን ወደ `Position, Scale, Rotation` ይለውጥ። በአውቶቡስ መስኮት የተቀረጸው በዚህ ስልት ካልረጋ፣ መንቀጥቀጡን እንዳለ ማሳየት ወይም ከአፋፉ ላይ ቆሞ እንደገና መቅረጽ ይሻላል እንጂ ማጣመም ውስጥ መግባት አያስፈልግም።

በሁለቱም ዘዴ የማይድን አንድ ጉዳት አለ። ብርሃን ሲያንስ፣ ለምሳሌ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ካሜራው ለእያንዳንዱ ፎቶግራፍ ረዘም ላለ ጊዜ ብርሃን ስለሚቀበል መንቀጥቀጡ በፎቶግራፉ ውስጥ እንደ ብዥታ ይቀራል። ከረጋ በኋላ ምስሉ ሳይንቀሳቀስ በየመሐሉ ብዥ ጥርት የሚል ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ገደሉ በደማቅ ብርሃን ይቀረጽ፤ ክርን ከጎድን ጋር ይጣበቅ ወይም በድንጋይ ላይ ይደገፍ። እጅ ላይ የቀነሰችው እያንዳንዷ ንቅናቄ ኋላ ከባዛልቱ ላይ የማትቆረጥ ጠርዝ ናት።