“አይደለም” ብሎ መነሳት፦ በተቃርኖ የማረጋገጥ ዘዴ

ጎኑ 1 ሜትር የሆነ ካሬ ይሳል። ከአንዱ ማዕዘን ተነስቶ ፊት ለፊት ወዳለው ማዕዘን የሚሰመረው ሰያፍ ርዝመቱ የ2 ዳግም ዘር ነው፤ በራሱ ሲባዛ 2 የሚሰጥ ቁጥር ማለት ነው። ይህን ርዝመት በክፍልፋይ ለመጻፍ የሚሞክር ሰው መጀመሪያ ላይ የተሳካለት ይመስለዋል። 99/70ን እንውሰድ። የላዕሉ ካሬ 9801 ነው፤ የታህቱ ካሬ እጥፍ ደግሞ 9800። የተረፈው 1 ብቻ ነው። 577/408 ቢሞከር የላዕሉ ካሬ 332929፣ የታህቱ ካሬ እጥፍ 332928 ይሆናል። አሁንም ያችው 1 ተረፈች። ክፍልፋዩ እየተጠጋ ይሄዳል እንጂ አይገጥምም።

ታዲያ የሚገጥም ክፍልፋይ ጭራሽ የለም ማለት ይቻላል? በሙከራ አይቻልም። ክፍልፋዮች ማለቂያ ስለሌላቸው አንድ ሚሊዮኑን ሞክሮ ያቃተው ሰው ስለቀጣዩ የሚያውቀው ነገር የለም። የጥንት ግሪኮች ለዚህ ያገኙት መውጫ መፈለጉን ትቶ “የሚገጥም ክፍልፋይ አለ እንበል” ብሎ መነሳትና ይህ አባባል ወዴት እንደሚያደርስ መከተል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው አርስቶትል ስለዚህ ዓይነት ማረጋገጫ ሲጽፍ ምሳሌ ያደረገው ይህንኑ የካሬ ሰያፍ ነበር፤ የሚገጥም ክፍልፋይ ቢኖር ኢተጋማሽ ቁጥር ከተጋማሽ ቁጥር ጋር እኩል ይሆን ነበር ይላል።

ዛሬ በብዙ መማሪያ መጻሕፍት የሚገኘው ማረጋገጫ እንዲህ ይሄዳል። የ2 ዳግም ዘር a/b ነው እንበል፤ a እና b ሙሉ ቁጥሮች ናቸው፤ ክፍልፋዩም እስከ መጨረሻው ተቃሏል፣ ማለትም ሁለቱን በጋራ የሚያካፍል ከ1 በላይ የሆነ ቁጥር የለም። ሁለቱንም ወገን በራሱ ብናባዛ a² = 2b² እናገኛለን። ስለዚህ a² ተጋማሽ ነው። የኢተጋማሽ ቁጥር ካሬ ምንጊዜም ኢተጋማሽ ስለሆነ a ራሱ ተጋማሽ መሆን አለበት። a = 2c ብለን ብንተካ 4c² = 2b² ይሆናል፤ በ2 ሲካፈል b² = 2c²። በዚያው ምክንያት b ም ተጋማሽ ነው። እንግዲህ 2 ሁለቱንም ያካፍላል። ክፍልፋዩ ግን እስከ መጨረሻው ተቃሏል ተብሎ ነበር። ሁለቱ አብረው ሊቆሙ አይችሉም፤ ስለዚህ መነሻው ይፈርሳል፤ የሚገጥም ክፍልፋይ የለም።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ውስጥ አራት ክፍሎች አሉ። መጀመሪያ የሚረጋገጠው ዓረፍተ ነገር ውድቅ ነው ተብሎ በግልጽ ይታሰባል። ቀጥሎ ከዚህ ግምት ተነስቶ በሕጋዊ እርምጃዎች ብቻ ይኬዳል። ሦስተኛ፣ እርስ በርሳቸው የሚጻረሩ ሁለት ነገሮች ይገኛሉ፤ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደተጻረረም በስም ይነገራል። በመጨረሻ ግምቱ ተሽሮ ዋናው ዓረፍተ ነገር ይጸናል። ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ተማሪ የሚሰናከለው ገና በመጀመሪያው ላይ ነው።

ምክንያቱም ተቃርኖ ሲመጣ የሚፈርሰው የታሰበው ነገር ሁሉ ነው። ከዋናው ግምት ጎን ያልተረጋገጠ ሌላ ግምት ሾልኮ ከገባ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ከላይ “እስከ መጨረሻው ተቃሏል” መባሉ እንዲህ ያለ ሰርጎ ገብ ይመስላል፤ ግን አይደለም። ማንኛውም ክፍልፋይ የላዕሉና የታህቱ የጋራ አካፋዮች እየወጡለት ሊቃለል ይችላል። ስለዚህ አንድ የሚገጥም ክፍልፋይ ካለ የተቃለለ የሚገጥም ክፍልፋይም አለ። የተጨመረው ነገር ከዋናው ግምት የሚከተል ስለሆነ ጥፋቱን ሊጋራ አይችልም።

ትልቁ ስህተት ግን “ውድቅ ነው” የሚለውን አሳስቶ መጻፍ ነው። አንድ ተማሪ “ከ1 የሚበልጥ ኢተጋማሽ ቁጥር ሁሉ ብቸኛ ቁጥር ነው” የሚለውን ሊያረጋግጥ ተነሳ እንበል። ብቸኛ ቁጥር የሚባለው ከ1 የሚበልጥና ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው ነው። ተማሪው “ከ1 የሚበልጥ ኢተጋማሽ ቁጥር አንዱም ብቸኛ አይደለም” ብሎ ይጀምራል። 3 ኢተጋማሽ ነው፤ ብቸኛም ነው። ተቃርኖ ተገኘ፤ ተረጋገጠ ብሎ ይዘጋል። የተረጋገጠው ግን ሐሰት ነው፤ 9 ኢተጋማሽ ሆኖ ለ3 ይካፈላል። ስሌቱ ላይ እንከን የለም፤ የተበላሸው መነሻው ነው። “ሁሉም” የሚለው የሚፈርሰው አንድ እንኳ እምቢ ያለ ሲገኝ ነውና ትክክለኛው ግምት “ከ1 የሚበልጥ፣ ብቸኛ ያልሆነ ቢያንስ አንድ ኢተጋማሽ ቁጥር አለ” የሚል ነበር። ከዚያ ቢነሳ ተቃርኖ አያገኝም፤ 9ን ያገኛል።

“ሁሉም” እና “አንዱም” ሁለት ጽንፎች ናቸው፤ በመካከላቸው “አንዳንዱ” አለ። ጽንፉን ማፍረስ መካከሉን አይነካውም። ለተቃርኖ የሚታሰበው ከዋናው ዓረፍተ ነገር ውጭ ያለው ሁኔታ በሙሉ መሆን አለበት፤ አንድም ሳይቀር፣ አንድም ሳይጨመር።

ዓረፍተ ነገሩ “ከሆነ” እና “ወይም” ሲኖሩበት ጉዳዩ ይረቅቃል። ይህን እንውሰድ፦ ሁለት አዎንታዊ ሙሉ ቁጥሮች ተባዝተው ከ100 በላይ ከሰጡ ቢያንስ አንዱ ከ10 ይበልጣል። በፎርሙላ ሲጻፍ ab > 100 ከሆነ a > 10 ወይም b > 10 ነው። እዚህ ላይ ሦስት የተለመዱ ስህተቶች ይሠራሉ።

የመጀመሪያው “ab > 100 ከሆነ ሁለቱም ከ10 አይበልጡም” ብሎ ማሰብ ነው። ይህን ለማፍረስ 11 እና 10 ይበቃሉ፤ ብዜታቸው 110 ነው፤ 11 ደግሞ ከ10 ይበልጣል። ግን አንድ ጥንድ ማሳየት ስለሌሎቹ ምንም አይናገርም። “ይህ ከሆነ ያ ነው” የሚል ቃል የሚፈርሰው ይህኛው እየሆነ ያኛው ሲቀር ነው። ስለዚህ ከግምቱ ውስጥ “ከሆነ” ይጠፋል፤ ab > 100 የሚለው እንደ እውነት ይያዛል፤ ከጎኑ ድምዳሜው አለመሆኑ ይጨመራል።

ሁለተኛው “ወይም”ን እንዳለ መተው ነው፦ “a ከ10 አይበልጥም ወይም b ከ10 አይበልጥም”። ከዚህ የተነሳ ሰው የቱንም ያህል ቢሄድ ተቃርኖ አያገኝም፤ 5 እና 50 ግምቱን ያሟላሉ፣ ብዜታቸውም 250 ነው። “ይህ ወይም ያ” ውድቅ የሚሆነው ሁለቱም ሲቀሩ ነውና “ወይም” ወደ “እና” ይለወጣል። አንድ ማረጋገጫ መቋጫ አጥቶ ሲንከራተት በመጀመሪያ የሚፈተሸው ይህ ነው፤ ግምቱን የሚያሟሉ ቁጥሮች በቀላሉ ከተገኙ ወይ ግምቱ ተሳስቷል ወይ ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ሐሰት ነው።

ሦስተኛው ወሰኑን መርሳት ነው። “ከ10 ይበልጣል” የሚለው ሲሻር “ከ10 ያንሳል” አይሆንም፤ “ከ10 ያንሳል ወይም እኩል ነው” ይሆናል። a < 10 እና b < 10 ብሎ የተነሳ ሰው ተቃርኖውን ያገኛል፤ ነገር ግን ከሁለቱ አንዱ ልክ 10 የሆነበትን ሁኔታ ሳያይ አልፏል። ትክክለኛው ግምት ab > 100፣ a ≤ 10 እና b ≤ 10 ነው። ቀሪው አንድ መስመር ነው፤ ሁለቱም ከ10 ካልበለጡ ብዜታቸው ከ100 አይበልጥም፤ ይህም ab > 100 ከሚለው ጋር ይጻረራል።

መነሻው ልክ ሆኖም እርምጃው ሊስት ይችላል። ለዚህ ጥሩ መፈተሻ ያንኑ ማረጋገጫ ሐሰት መሆኑ በሚታወቅ ነገር ላይ መሞከር ነው። የ2 ዳግም ዘር ማረጋገጫ ለ4 ይሠራ እንደሆነ ይታይ። የ4 ዳግም ዘር 2 ስለሆነ በ2/1 ይጻፋል፤ ማረጋገጫው የሆነ ቦታ ላይ መቆም አለበት። አንድ ሰው ቸኩሎ “a² = 4b² ነው፤ a² ለ4 ስለሚካፈል a ም ለ4 ይካፈላል” ካለ ግን አይቆምም፤ a = 4c ብሎ ቢተካ b² = 4c² ያገኛል፤ b ም ለ4 ይካፈላል ይልና “የ4 ዳግም ዘር ክፍልፋይ አይሆንም” ብሎ ይደመድማል። የሳተችው “ስለሚካፈል” ያለባት እርምጃ ናት፤ የ2 ካሬ ለ4 ይካፈላል፣ 2 ግን አይካፈልም። ለ2 ትክክል የነበረው ለ4 የማይሠራው በዚህ ነው።

በግምቱ ውስጥ የተገኘን ነገር ከግምቱ ውጭ ይዞ መውጣትም ያሳስታል። ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው ሲረጋገጥ “ቁጥራቸው ውሱን ነው” ተብሎ ሁሉም ይባዛሉ፤ 1 ይጨመራል። የተገኘው ቁጥር ለአንዳቸውም ሲካፈል 1 ይቀራል፤ ከ1 የሚበልጥ ቁጥር ሁሉ ግን ብቸኛ የሆነ አካፋይ አለው፤ ተቃርኖ። ብዙዎች ከዚህ “የመጀመሪያዎቹን ብቸኛ ቁጥሮች አባዝቶ 1 ቢጨምሩ አዲስ ብቸኛ ቁጥር ይገኛል” የሚል ትምህርት ይዘው ይወጣሉ። 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እና 13 ተባዝተው 30030 ይሰጣሉ፤ 1 ሲጨመር 30031። ይህ ደግሞ የ59 እና የ509 ብዜት ነው። ዩክሊድ ራሱ በ“ኤለመንትስ” 9ኛ መጽሐፍ ይህን ወጥመድ አይነካም፤ የተሰጡትን ብቸኛ ቁጥሮች ይዞ ከእነሱ ውጭ ሌላ እንዳለ ያሳያል እንጂ የተገኘው ድምር ራሱ ብቸኛ ነው አይልም።

መነሻውን ያሳመረ ሁሉ ግን መድረሻውን አያሳምርም። ጣሊያናዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ጂሮላሞ ሳኬሪ በ1733 ባሳተመው መጽሐፍ የዩክሊድን የትይዩ መስመሮች እሳቤ በተቃርኖ ሊያረጋግጥ ተነሳ። በአንድ መሠረት ላይ እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት ቀጤ ጎኖች አቁሞ ጫፎቻቸውን አገናኘ። የላይኞቹ ሁለት ማዕዘኖች እኩል መሆናቸውን አሳየ፤ ስለዚህ ወይ ቀጤ፣ ወይ ዝርጥ፣ ወይ ሹል ናቸው። ቀጤ መሆናቸው የዩክሊድን እሳቤ ያጸናል። ተቃራኒው ሁለቱን ቀሪዎች ይይዛል፤ ሳኬሪም አንዱንም አልረሳም። ዝርጡን በእውነተኛ ተቃርኖ ጣለው። ከሹሉ ግን ገጽ በገጽ እንግዳ የሆኑ፣ እርስ በርሳቸው የማይጻረሩ ውጤቶች ወጡ። በመጨረሻ ይህ ግምት ከቀጥተኛ መስመር ባሕርይ ጋር አይስማማም ብሎ ዘጋው። የተጻረሩትን ሁለት ነገሮች በስም ሊያመለክት አልቻለም፤ ለዓይን እንግዳ መሆን ብቻውን ተቃርኖ አይሆንም።

ወደ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ኒኮላይ ሎባቼቭስኪ ከ1829 ጀምሮ፣ ያኖሽ ቦያይ ደግሞ በ1832 ያንኑ የሹል ማዕዘን ግምት ይዘው እንደ አዲስ ጂኦሜትሪ አሳተሙት። በ1868 ኢዩጂኒዮ ቤልትራሚ ይህ ጂኦሜትሪ በዩክሊድ ጂኦሜትሪ ውስጥ ሊወከል እንደሚችል አሳየ፤ ሳኬሪ ሲያሳድደው የኖረው ተቃርኖ በሹሉ ውስጥ ቢገኝ ኖሮ በዩክሊድም ውስጥ ይገኝ ነበር።