ተርጓሚው ከመምጣቱ በፊት

በእንግሊዝኛ የተሠራ የስልክ መተግበሪያ ወደ ጀርመንኛ ተተርጉሞ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ጉድ ይታያል። ገጹ ሁሉ ጀርመንኛ ሆኖ አንዱ ቁልፍ ብቻ በእንግሊዝኛ ይቀራል፤ ሌላው ጽሑፍ ደግሞ መጨረሻው ይቆረጣል። ይህ የተርጓሚው ጥፋት አይደለም። ሁለቱም ስህተቶች ከመጀመሪያውም ፕሮግራሙ ውስጥ ነበሩ፤ እንግሊዝኛው ሸፍኗቸው ነው እንጂ።

ስህተቶቹን ቀድሞ ለማጋለጥ ማንም የማይናገረው የውሸት ቋንቋ ይፈጠራል። ባለሙያዎቹ አሠራሩን ፕሱዶሎካላይዜሽን ይሉታል። አንድሮይድ ላይ ቋንቋው en-XA ይባላል። ፕሮግራም ጸሐፊው በግንባታ ፋይሉ `debug` ክፍል ውስጥ ይህን መስመር ጨምሮ የስልኩን ቋንቋ ወደ እሱ ይቀይራል፦

```
pseudoLocalesEnabled true
```

ወዲያውኑ `Settings` የሚለው ቃል `[Šéţţîñĝš one two]` ወደሚመስል ነገር ይለወጣል። ፊደሎቹ ምልክት ቢደረብባቸውም ይነበባሉ፤ ቃሉ ረዝሟል፤ ግራና ቀኙም በቅንፍ ታጥሯል። ማራዘሙ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባለ 4 ፊደሉ `Save` በጀርመንኛ `Speichern` ሲሆን 9 ፊደል ይፈጃል።

አንድ የዕቃ መሸጫ መተግበሪያ እንዲህ ተከፈተ እንበል። በገጹ ላይ ምልክት ያልተደረበበት `Save` ብቻ ከሆነ፣ ቃሉ ከጽሑፎች ፋይል (`strings.xml`) የመጣ ሳይሆን ኮዱ ውስጥ በቀጥታ የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ ተርጓሚው ጭራሽ አያየውም። የአድራሻው ርዕስ መዝጊያ ቅንፉ ካልታየ ደግሞ ቦታ ጠቦት ተቆርጧል ማለት ነው።

ከሁሉ ተንኮለኛው ሦስተኛው ነው። «3 መልእክቶች አሉዎት» ለማለት የተጻፈው ዓረፍተ ነገር በሁለት የተለያዩ ቅንፎች መካከል 3 ቁጥርን ይዞ ከመጣ፣ ከቁርጥራጭ የተገጣጠመ ነው። እንግሊዝኛው `You have` ብሎ ስለሚጀምር ግጥሙ ያምርበታል፤ አማርኛ ግን ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚፈልግ ተርጓሚው ቁርጥራጮቹን ምንም ቢያደርጋቸው ቅደም ተከተሉ አይስተካከልም። መፍትሔው ዓረፍተ ነገሩን አንድ አድርጎ ለቁጥሩ `%1$d` የሚል ቦታ መተው ነው፤ ተርጓሚውም ቦታውን እንደ ቋንቋው ያዛውረዋል።

ሳይለወጥ የቀረ ሁሉ ግን ስህተት አይደለም። የሰው ስም፣ የድርጅት ስም፣ ከሰርቨር የሚመጣ ጽሑፍ እንዳለ ይታያል። ስለዚህ አንድ ሰው እያንዳንዱን ማየት አለበት።

ለእኛ ደግሞ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፦ የውሸት ቋንቋው የላቲን ፊደል ነው። መተግበሪያው የራሱን የፊደል ቅርጽ ይዞ የግዕዝ ፊደላት ከጎደሉት፣ ወይም የመስመሩ ከፍታ ለእነሱ ካልበቃ፣ en-XA ምንም አይናገርም። አማርኛ ተጠቃሚ የሚጠብቅ ፕሮግራም ጸሐፊ ከዚህ ፈተና በኋላ ገጾቹን ጥቂት የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮች ሞልቶ ይያቸው።