«ጠዋት ወይስ ከሰዓት?» ሲባል «አዎ»

አንዲት እናት ልጃቸውን ለማስመርመር በቴሌግራም ከአንድ ክሊኒክ ቀጠሮ ይይዛሉ እንበል። የሚመልስላቸው ሰው አይደለም፤ የክሊኒኩ ሠራተኞች ጽፈው ያስቀመጡትን ጥያቄ በየተራ የሚልክና መልሱን የሚመዘግብ ፕሮግራም ነው፤ በተለምዶ ቦት ይባላል። «ሐሙስ ሁለት ክፍት ሰዓት አለን። ጠዋት 3 ሰዓት ይሻልዎታል ወይስ ከሰዓት 9 ሰዓት?» የሚል መልእክት ይደርሳቸዋል። እናትየዋ «አዎ» ብለው ይልካሉ።

ፕሮግራሙ አሁን ምን ያድርግ? አንዳንዱ «አዎ»ን ሲያይ የመጀመሪያውን ምርጫ እንዲወስድ ተደርጎ ስለተሠራ ዝም ብሎ ጠዋት 3 ሰዓት ይመዘግባል። እናትየዋ ከሰዓት ልጃቸውን ይዘው ሲመጡ ተራቸው ካለፈ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ሌላው ደግሞ «የተሳሳተ መልስ ነው» ብሎ ያንኑ ጥያቄ ቃል በቃል ይደግማል። እኔ ይህንንም ከመጀመሪያው አሳንሼ አላየውም። ጥያቄውን አንብበው «አዎ» ያሉት ሴት ያው ጥያቄ ሲደገምላቸው ሌላ የሚሉት ነገር የለም፤ ላኪው የጨመረላቸው ነገር ቢኖር መሸማቀቅ ብቻ ነው።

«አዎ» ያለ ሰው የሆነ ነገር መልሷል። ያልታወቀው ለየትኛው ነገር እንደመለሰ ነው። ከምርጫው በፊት ስለ ሐሙስ የሚናገር ዓረፍተ ነገር አለ፤ እናትየዋ «ሐሙስ ይመቸኛል» ማለታቸው ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ሰዓት ይሆነኛል ማለታቸውም ሊሆን ይችላል። ወይም መጨረሻ ላይ ያነበቡትን «ከሰዓት 9 ሰዓት» ተቀብለው ይሆናል። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ አጥኚ ሃርቪ ሳክስ፣ እሳቸው ካረፉ በኋላ በ1987 እ.ኤ.አ. በታተመ ሥራቸው፣ ሰው ሁለት ጥያቄ ተከታትሎ ሲቀርብለት ብዙውን ጊዜ ኋለኛውን አስቀድሞ እንደሚመልስ አሳይተዋል። መልስ ቅርቡ ወዳለው ጥያቄ ይሄዳል። ሳክስ የተናገሩት በተለይ ስለ ምርጫ ጥያቄ ባይሆንም፣ «አዎ»ን በደፈናው ለመጀመሪያው ምርጫ መስጠት ምን ያህል መሠረት የሌለው ግምት እንደሆነ ለማየት ይረዳል።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ምክንያት ነው፤ መልእክቶች መደራረባቸው። ፕሮግራሙ «የልጅዎ ዕድሜ ከ5 ዓመት በታች ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ ሲዘገይበት የሰዓቱን ጥያቄ ያስከትላል። እናትየዋ የጻፉት «አዎ» ለዕድሜው ነበር፤ የደረሰው ግን ከሰዓቱ ጥያቄ በኋላ ነው። ይህን ለመለየት መልእክቶቹ የተላኩበትን ሰዓት ማየት ያስፈልጋል። ሁለተኛው ጥያቄ ከተላከ ከአንድ ሁለት ሴኮንድ በኋላ የመጣ መልስ ያንን ጥያቄ አንብቦ የተጻፈ ሊሆን አይችልም ማለት ይቻላል። መድኃኒቱ ደግሞ ቀላል ነው፦ አንዱ ጥያቄ ሳይመለስ ሌላው አይላክ።

መልሱ በእርግጥ ለሰዓቱ ጥያቄ የተሰጠ ከሆነ ቀጥሎ መታየት ያለበት ራሱ ጥያቄው ነው። በአማርኛ «ወይስ» አንዱን ምረጥ ይላል። «ወይም» ግን እንደዚያ አያስገድድም፤ «ጠዋት ወይም ከሰዓት ሊመጡ ይችላሉ?» ለተባለ ሰው «አዎ» ሙሉ መልስ ነው። ጥያቄ ጸሐፊው በ«ወይስ» ቦታ «ወይም» ካስገባ ተጠቃሚው ምንም አላጠፋም።

«አዎ» ከምርጫ ጥያቄ በኋላም ቢመጣ ግልጽ የሚሆንበት አንድ ሁኔታ አለ። «ቀጠሮውን እንመዝግብልዎ ወይስ ይቅር?» ሲባል ሁለቱ ምርጫዎች የአንድ ነገር መሆንና አለመሆን ናቸው። እዚህ ላይ «አዎ» መመዝገብ ነው፣ «አይ» መተው ነው፤ ደግሞ መጠየቅ ሰውን ማድከም ይሆናል። «ቀጠሮው ይሰረዝ ወይስ ወደ ሌላ ቀን ይዛወር?» የሚለው ግን ከላይ ሲታይ ቢመስለውም እንደዚያ አይደለም፤ ሁለቱም ራሳቸውን የቻሉ ሥራዎች ስለሆኑ «አዎ» የትኛውንም አይመርጥም።

ወደ እናትየዋ እንመለስ። ጠዋትና ከሰዓት የመሆንና አለመሆን ጉዳይ ስላልሆኑ ከ«አዎ» ብቻ ሰዓቱን ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ ቀደም ሲል የጻፉት ነገር ይታያል። ከጥቂት መልእክቶች በፊት «ልጁ እስከ 7 ሰዓት ትምህርት ቤት ነው» ብለው ከነበረ ሚዛኑ ወደ ከሰዓት ያደላል። ያም ቢሆን ዝም ብሎ መመዝገቢያ ምክንያት አይሆንም፤ የሚጠቅመው የትኛውን ሰዓት አስቀድሞ መጠየቅ እንደሚሻል ለመወሰን ነው። ቀጣዩ መልእክት «እሺ፣ ሐሙስ ከሰዓት 9 ሰዓት ብለን እንመዝግብዎ?» ይሆናል። አሁን የቀረበው ምርጫ አንድ ብቻ ስለሆነ «አዎ» ቢሉ ትርጉሙ አንድ ነው። እናትየዋ መልስ አሰጣጣቸውን እንዲለውጡ አልተጠየቁም፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው።

«አይ» ቢሉስ? ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ነው። 9 ሰዓት አይሆንም ማለት 3 ሰዓት ይሆናል ማለት አይደለም። «እንግዲያውስ ጠዋት 3 ሰዓት ይሁንልዎ?» ተብሎ ይጠየቃል። ለዚህም «አይ» ካሉ ሁለቱም አልተመቿቸውም ማለት ነውና «የትኛው ቀንና ሰዓት ይመችዎታል?» ብሎ መንገዱን ክፍት ማድረግ ይገባል። ለመጀመሪያው የምርጫ ጥያቄ የተሰጠ ባዶ «አይ» ግን ብዙውን ጊዜ ከ«አዎ» ይቀላል፤ ሁለቱንም አልፈልግም የሚለው ትርጉም ያመዝናል። ስለዚህ አንዱን ሰዓት እየነጠሉ ከመጠየቅ በቀጥታ የሚመቻቸውን ሰዓት መጠየቅ ይሻላል።

በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ ተጠይቆ ካልተግባቡ ሦስተኛ ሙከራ አያስፈልግም፤ ጉዳዩ ስልክ አንስቶ ለሚያነጋግር የክሊኒኩ ሠራተኛ መተላለፍ አለበት። ሠራተኛውም «ቦቱ ምን አለዎት?» ብሎ ከመጀመሪያው እንዳያስጀምራቸው የተጻጻፉት ሁሉ አብሮ ይድረሰው።

መገመት የሚፈቀድበት ቦታ የለም ማለቴ አይደለም። «ማስታወሻውን በአማርኛ ወይስ በአፋን ኦሮሞ እንላክልዎ?» ለሚለው «አዎ» ከመጣ፣ ሰውየው እስካሁን ይጽፉ በነበረበት ቋንቋ ልኮ በሌላኛው ከፈለጉ እንዲናገሩ መጋበዝ ይቻላል፤ ቢሳሳት በአንድ መልእክት ይታረማል። ገንዘብ የሚተላለፍበት፣ ቀጠሮ የሚሰረዝበት ወይም የመድኃኒት መጠን የሚመረጥበት ጥያቄ ከሆነ ግን ከ«አዎ» ላይ ምርጫ መፍጠር ፈጽሞ አይገባም።

በስልክ ድምፅ የሚሠራ አገልግሎት ተጨማሪ ጥንቃቄ ይሻል። እኛ ሰው ሲያወራ «እሺ»፣ «አዎ» እያልን፣ አንዳንዴም ትንፋሽ ወደ ውስጥ እየሳብን እናዳምጣለን። ይህ «እየሰማሁ ነው» ማለት እንጂ ምርጫ አይደለም። ሁለተኛው ምርጫ ተነቦ ሳያልቅ የገባ «አዎ» ስለዚህ ለብቻው እንደ መልስ ሊቆጠር አይገባም።

የምርጫ ቁልፍ ከመልእክቱ ሥር ማስቀመጥ ብዙውን ችግር ያቃልላል፤ ሆኖም ቁልፉን ትቶ «አዎ» ብሎ የሚጽፍ፣ ወይም በላቲን ፊደል `awo` የሚል ሰው ሁልጊዜ ይኖራል። እንዲህ ያለ አገልግሎት የምታዘጋጁ ሁሉ፣ በየሳምንቱ ለየትኛው ጥያቄ ስንት ባዶ «አዎ» እንደመጣ ቁጠሩ። አንድ ጥያቄ ከሌሎቹ ጎልቶ ከወጣ ተጠቃሚዎቹን ለማስተማር አትድከሙ፤ ጥያቄውን እንደ አዲስ ጻፉት።