በስህተት የተሰረዘ ፎቶ መቼ ይመለሳል? መቼስ አይመለስም?

ፎቶ ከስልክ ወይም ከካሜራ ካርድ ላይ በስህተት ሲሰረዝ ብዙዎች ቀድመው የሚጠይቁት «የትኛው መተግበሪያ ይመልስልኛል?» ብለው ነው። ውጤቱን በዋናነት የሚወስኑት ግን ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ፎቶው የተቀመጠበት ቦታ እና ከተሰረዘ በኋላ በዚያው ቦታ ላይ የተጻፈው አዲስ መረጃ።

ፎቶ ሲሰረዝ ምን ይሆናል?

ካሜራዎች የሚጠቀሙባቸው ኤስዲ ካርዶች እንደ መጽሐፍ ማውጫ የሚያገለግል ክፍል አላቸው። ፎቶ ሲሰረዝ የሚለወጠው ይህ ማውጫ ነው፤ ፎቶው ይዞት የነበረው ቦታም «ነጻ» ተብሎ ይመዘገባል። የምስሉ መረጃ ግን ሌላ ፋይል እስኪጻፍበት ድረስ ባለበት ይቆያል። ካርዱን ፎርማት ማድረግም አብዛኛውን ጊዜ ማውጫውን በአዲስ ከመተካት አያልፍም። በአንዳንድ ካሜራዎች ላይ የሚገኘው መላውን ካርድ የሚያጸዳ የፎርማት ዓይነት ግን መረጃውንም ይዞት ይሄዳል።

የሠርጉ ካርድ

ለአብነት አንድ ፎቶ አንሺ በ32 ጂቢ ካርድ 900 የሠርግ ፎቶዎችን አነሳ እንበል። የአንዱ መጠን በአማካይ 8 ሜጋባይት ቢሆን በጠቅላላው 7.2 ጂቢ ገደማ ይይዛሉ። በማግስቱ ፎቶዎቹ ወደ ኮምፒውተር የተገለበጡ መስሎት ካርዱን ፎርማት አደረገ፤ ከዚያም በመልሱ ላይ 40 ፎቶዎችን አነሳ።

አዲሶቹ ፎቶዎች የፈጁት 320 ሜጋባይት፣ ከካርዱ አንድ በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ፎርማት በተደረገ ካርድ ላይ ካሜራው ብዙውን ጊዜ የሚጽፈው ከመጀመሪያው ቦታ አንስቶ ነው። በመሆኑም የሚጠፉት ጠዋት በሙሽሪት ቤት የተነሱት የመጀመሪያዎቹ 40 ያህል ፎቶዎች ይሆናሉ። የቀሩት 860 ገደማ የመገኘት ዕድላቸው ከፍተኛ ነው።

በፎቶ ፈንታ ቪዲዮ ቀርጾ ቢሆን ጉዳቱ ይብስ ነበር። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በአንድ ደቂቃ ብቻ 750 ሜጋባይት ይጽፋል፤ ይህም ከ90 በላይ ፎቶዎች የነበሩበትን ቦታ ይሸፍናል።

ካርዱን ለማዳን

ስህተቱ እንደታወቀ ካርዱን ከካሜራው ማውጣትና በጎኑ ያለውን ትንሽ መቆለፊያ ወደ LOCK መግፋት ያስፈልጋል። ቀጥሎ ካርዱ በካርድ ማንበቢያ ከኮምፒውተር ጋር ይገናኛል። ኮምፒውተሩ ካርዱን ፎርማት ለማድረግ ወይም ለመጠገን ፈቃድ ቢጠይቅ እምቢ ማለት ይገባል፤ ሁለቱም በካርዱ ላይ አዲስ ነገር ይጽፋሉ።

PhotoRec የተባለው ነጻ ፕሮግራም ማውጫውን ትቶ ካርዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በማንበብ የፎቶ ፋይል መነሻ ምልክቶችን ይፈልጋል። ተጠቃሚው ካርዱን ይመርጣል፤ ፎርማት ለተደረገ ካርድ Whole የሚለውን አማራጭ ይወስዳል፤ የተገኙት ፎቶዎች የሚቀመጡበትን ቦታም ያመለክታል። ይህ ቦታ ኮምፒውተሩ ወይም ሌላ ዲስክ መሆን አለበት። ወደዚያው ካርድ መልሶ ማስቀመጥ ገና ያልተገኙትን ፎቶዎች ያጠፋል።

የሚመለሱት ፎቶዎች የቀድሞ የፋይል ስማቸውን ያጣሉ። የተነሱበት ቀንና ሰዓት ግን በምስሉ ፋይል ውስጥ ስለሚገኝ በዚያ መደርደር ይቻላል። ግማሹ ግራጫ ሆኖ የሚከፈት ፎቶ ከፊሉ ተጽፎበታል፣ ወይም ተበታትኖ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው፤ ፕሮግራም መቀያየርም የተጻፈበትን ክፍል አያስመልስም።

ስልክ ለምን ይለያል?

በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ስልኮች በውስጣዊ ማከማቻቸው ላይ ያለውን መረጃ ያመሰጥራሉ። ፋይሉ ሲሰረዝ የምስጢሩ ቁልፍ አብሮ ስለሚጠፋ ቀሪው መረጃ ትርጉም አይኖረውም። «የጠፋ ፎቶ እንመልሳለን» የሚሉ መተግበሪያዎች በአብዛኛው የሚያሳዩት በስልኩ ላይ የቀሩ ደብዛዛ ትናንሽ ቅጂዎችን ነው።

ስለዚህ በስልክ ላይ ቀድሞ መታየት ያለበት የቆሻሻ ማጠራቀሚያው ነው። አይፎን የተሰረዙ ፎቶዎችን ለ30 ቀናት ያቆያል። ጉግል ፎቶስ ደግሞ በኢንተርኔት የተቀመጠላቸውን ለ60 ቀናት፣ ያልተቀመጠላቸውን ለ30 ቀናት ይይዛል። ማጠራቀሚያው ባዶ ከሆነ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ ለዘመድ የተላከ ቅጂ መፈለግ ይቀራል፤ ጥራቱ ግን ከዋናው ሊያንስ ይችላል።

በአንድሮይድ ስልክ ውስጥ ያለ ካርድ እንደ ካሜራ ካርድ ወጥቶ ሊፈተሽ ይችላል። ካርዱ የስልኩ ውስጣዊ ማከማቻ አካል እንዲሆን ተደርጎ ከነበረ ግን እርሱም ስለሚመሰጠር ከዚያ ስልክ ውጭ አይነበብም። ስልኩ ወደ ፋብሪካ ይዞታው ሲመለስ ደግሞ ቁልፉ ይጠፋል፤ ካርዱ በእጅ ቢገኝም በውስጡ የነበሩትን ፎቶዎች ማንበብ አይቻልም።