የታሪካዊ አክሲዮን ዋጋ ማስተካከያ

የታሪካዊ አክሲዮን ዋጋ ማስተካከያ ማለት የአንድ ኩባንያ አክሲዮን ያለፉ ዕለታዊ ዋጋዎች ከዛሬው ዋጋ ጋር በአንድ ሚዛን እንዲነበቡ፣ በመካከል የተደረገን ስፕሊት ወይም የተከፈለን የትርፍ ድርሻ ከግምት አስገብቶ የቀድሞዎቹን ዋጋዎች በተገቢው ቁጥር ማባዛት ነው። ሥራው የሚሠራው እንደ ተንቀሳቃሽ አማካይ ያሉ አመልካቾች ከመሰላታቸው በፊት ነው። በየቀኑ ዋጋ እየሰበሰበ የሚያሰላና ማስጠንቀቂያ የሚልክ የክትትል ፕሮግራም ይህን ደረጃ ከዘለለ፣ በገበያው ላይ ያልደረሰ ውድቀት ደርሷል ብሎ ሊያስጠነቅቅ ይችላል።

== ስፕሊት ሲደረግ ምን ይሆናል ==

በስፕሊት ኩባንያው እያንዳንዱን አክሲዮን ወደ ብዙ ይከፍላል። አራት ለአንድ በሆነ ስፕሊት 10 አክሲዮን የነበረው ሰው 40 ይኖረዋል፤ የእያንዳንዱ ዋጋ ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል። የያዘው ሀብት አልጨመረም፣ አልቀነሰምም። አንድ መቶ ብር በአራት ሃያ አምስት ብር እንደ መዘርዘር ነው።

የአሜሪካው አፕል ኩባንያ ያደረገው ስፕሊት ጉዳዩን በግልጽ ያሳያል። አክሲዮኑ በአራት ለአንድ ስፕሊት መሠረት በአዲሱ ዋጋ መገበያየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ኦገስት 31 ቀን 2020 ሰኞ ዕለት ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓርብ የመዝጊያ ዋጋው 499.23 ዶላር ነበር፤ ሰኞ የተዘጋው በ129.04 ዶላር ነው። ጥሬውን ቁጥር ብቻ የሚያይ ፕሮግራም አክሲዮኑ በአንድ ቀን 74 በመቶ እንደ ወደቀ ይመዘግባል። የዓርቡ ዋጋ ለአራት ሲካፈል ግን 124.81 ዶላር ይሆናል። ስለዚህ አክሲዮኑ በዚያ ቀን የወጣው በ3.4 በመቶ ነው። ስህተቱ የመጠን ብቻ አይደለም፤ የአቅጣጫም ነው።

ይህ ስህተት ወደ አመልካቹ ሲገባ ምን እንደሚፈጥር በአምስት ቀን ተንቀሳቃሽ አማካይ ማየት ይቻላል። ከሰኞ በፊት የነበሩት አራት የመዝጊያ ዋጋዎች 499.30፣ 506.09፣ 500.04 እና 499.23 ናቸው። እነዚህን ከ129.04 ጋር ደምሮ ለአምስት ማካፈል 426.74 ይሰጣል። በዚህ ስሌት የሰኞው ዋጋ ከአማካዩ 70 በመቶ በታች ነው፤ ዋጋው ከአማካይ በታች ሲወርድ «ሽጥ» የሚል ደንብ ያለው ፕሮግራምም ያለማመንታት ምልክቱን ይሰጣል። አራቱ የቀድሞ ዋጋዎች መጀመሪያ ለአራት ቢካፈሉ ግን አማካዩ 126.04 ይሆናል፤ የሰኞው ዋጋ ከዚያ በ2.4 በመቶ ገደማ ከፍ ያለ ነው።

የአምስት ቀኑ አማካይ የድሮው ዋጋ ከመስኮቱ ሲወጣ በሳምንቱ ውስጥ ራሱን ያርማል። የ200 ቀን አማካይ ግን ለ199 የግብይት ቀናት፣ ማለትም ለአሥር ወር ያህል፣ የተሳሳተ ቁጥር ያሳያል። ከዚያ በኋላ ስህተቱ ማንም ሳያስተካክለው ይጠፋል፤ ይህም ምክንያቱን ኋላ ተመልሶ ለመፈለግ ያስቸግራል።

RSI የተባለው አመልካች ደግሞ በሌላ መንገድ ይታመማል። በተለመደው የ14 ቀን ስሌት፣ አማካይ ኪሳራው በየቀኑ ከትናንቱ 13/14ኛውን ይዞ ይቀጥላል። በአፕል ምሳሌ የሌለው የ370.19 ዶላር ኪሳራ በመጀመሪያው ቀን አማካዩን በ26.44 ዶላር ያሳድገዋል። ከ14 የግብይት ቀናት በኋላም ከዚህ ውስጥ 35 በመቶው፣ ማለትም ከ9 ዶላር በላይ፣ እዚያው አለ። 130 ዶላር ገደማ በሚያወጣ አክሲዮን ላይ ዕለታዊው ለውጥ ጥቂት ዶላር ብቻ ስለሆነ፣ አመልካቹ ለሳምንታት «ከመጠን በላይ ተሸጧል» እያለ ይቆያል።

ተቃራኒው ሁኔታም አለ። ሲቲግሩፕ የተባለው ባንክ እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 2011 አሥሩን አክሲዮን ወደ አንድ ሲያጠቃልል፣ የመዝጊያ ዋጋው ከ4.52 ወደ 44.16 ዶላር ዘለለ። በጥሬ ቁጥር ከዘጠኝ እጥፍ የሚበልጥ ጭማሪ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን አክሲዮኑ በዚያ ቀን 2.3 በመቶ ቀንሷል።

== የትርፍ ድርሻ ==

የትርፍ ድርሻ ሲከፈል ከኩባንያው ካዝና ገንዘብ ይወጣል። ለዚህም መብት የሚቋረጥበት ቀን አለ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አክሲዮኑን የሚገዛ ሰው የቅርቡን ድርሻ አያገኝም። በዚህ ምክንያት ሌላ ነገር ካልተለወጠ ዋጋው በድርሻው መጠን ያህል ዝቅ ብሎ ይከፈታል። ባለአክሲዮኑ በዋጋ ያጣውን በጥሬ ገንዘብ ስላገኘው ይህ ኪሳራ አይደለም።

ማስተካከያው የሚደረገው ከዚያ ቀን በፊት ያሉትን ዋጋዎች ሁሉ በሚከተለው ማባዣ በማባዛት ነው፦

```
1 - (የትርፍ ድርሻ / የዋዜማው የመዝጊያ ዋጋ)
```

አፕል ከስፕሊቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ፣ ኦገስት 7 ቀን 2020 መብቱ የተቋረጠ የ0.82 ዶላር ድርሻ ነበረው። የዋዜማው መዝጊያ 455.61 ዶላር ስለነበር ማባዣው 0.9982 ይሆናል። ለውጡ ከ0.2 በመቶ በታች ነው፤ ለአምስት ቀን አማካይ ከቁም ነገር አይቆጠርም። ድርሻ በዓመት አራት ጊዜ ለብዙ ዓመታት ሲከማች ግን የረጅም ጊዜ ትርፍ ስሌትን በግልጽ ያዛባል።

ድርሻው ትልቅ ሲሆን ግን አንድ ቀንም ይበቃል። ማይክሮሶፍት በ2004 መጨረሻ በአንድ አክሲዮን 3 ዶላር ልዩ ድርሻ ሲከፍል ዋጋው 30 ዶላር ያህል ነበር። አንድ አሥረኛው በአንድ ቀን ከዋጋው ላይ ሲነሳ፣ ያልተስተካከለ ቁጥር የሚያይ ፕሮግራም ከመጥፎ ዜና የመጣ ውድቀት አድርጎ ይወስደዋል።

የድርሻውን መጠን ከዋጋው ላይ በቀጥታ መቀነስ ቀላል መስሎ ቢታይም አይመከርም። ሩቅ ወደ ኋላ ሲኬድ የተቀነሱት ድርሻዎች ድምር ከዋጋው ሊበልጥና ዋጋው ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። ማባዛት ግን የየዕለቱን የመቶኛ ለውጥ ሳያዛባ ይጠብቃል።

== ስሌቱ ==

ስሌቱ ከዛሬ ተነስቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። የዛሬው ዋጋ እንዳለ ይቀራል፤ አንድ ክስተት በተገኘ ቁጥር ማባዣው ይሻሻልና ከዚያ በፊት ያሉት ቀናት ሁሉ በእሱ ይባዛሉ።

```python
f = 1.0
for i in range(len(rows) - 1, -1, -1):
    r = rows[i]
    r["adj"] = r["close"] * f
    if i > 0:
        prev = rows[i - 1]["close"]
        f *= (1 - r["dividend"] / prev) / r["split"]
```

እዚህ `close` ጥሬው መዝጊያ ነው። `split` በተራ ቀን 1፣ በአፕል የስፕሊት ቀን 4፣ በሲቲግሩፕ ደግሞ 0.1 ይሆናል። መክፈቻ፣ ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋዎች በዚያው በቀኑ ማባዣ ይባዛሉ። የተሸጠው የአክሲዮን ብዛት ግን በስፕሊቱ ብቻ፣ ያውም በተቃራኒው ይስተካከላል፤ ከአፕል ስፕሊት በፊት በነበሩት ቀናት ላይ በ4 ይባዛል፣ የትርፍ ድርሻ ግን አይነካውም።

በዚህ ስሌት ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ድርሻውና ዋጋው በተለያየ ሚዛን መቅረባቸው ነው። አንዳንድ መረጃ አቅራቢዎች የአፕልን ድርሻ በጊዜው እንደ ተከፈለው 0.82 ብለው ያስቀምጡታል፤ ሌሎች ከስፕሊቱ ጋር አስተካክለው 0.205 ይሉታል። የተስተካከለውን 113.90 ዋጋ ከ0.82 ጋር ያገናኘ ሰው 0.18 በመቶ መሆን የነበረበትን ማስተካከያ 0.72 በመቶ ያደርገዋል። ስህተቱ ትንሽ ስለሆነ በሥዕላዊ ሰንጠረዥ ላይ ዓይን አይይዘውም።

ሌላው ወጥመድ ሁለት ጊዜ ማስተካከል ነው። በያሁ ፋይናንስ ገጽ ላይ `Close` የሚለው ዓምድ ለስፕሊት ቀድሞ የተስተካከለ ነው፤ `Adj Close` ደግሞ ለሁለቱም። ይህን ሳያውቅ `Close`ን እንደገና ለአራት ያካፈለ ሰው የዓርቡ ዋጋ 31.20 ዶላር ሆኖ ያገኘዋል፤ ሰኞ 129.04 ሲደርስም ዋጋው ከአራት እጥፍ በላይ የዘለለ ይመስለዋል። ይህኛው ስህተት በጎ ጎኑ ወዲያው መታየቱ ነው።

== በዕለታዊ ክትትል ውስጥ ==

ታሪኩን አንድ ጊዜ አውርዶ ለሚያሰላ ሰው ከላይ ያለው ይበቃዋል። በየቀኑ የሚሠራ ፕሮግራም ግን የራሱ ችግር አለው። አብዛኛዎቹ የትናንቱን ታሪክ በፋይል አስቀምጠው ዛሬ አንድ መስመር ብቻ ይጨምራሉ። የተስተካከለ ዋጋ ግን የማይለወጥ ቁጥር አይደለም፤ አዲስ ክስተት በመጣ ቁጥር ያለፈው ሁሉ ይለወጣል። ዓርብ የተቀመጠው 499.23 በዓርቡ ሚዛን ትክክል ነበር፤ ሰኞ ጠዋት ግን ማንም ሳይነካው ስህተት ሆነ። አቅራቢው አስተካክሎ መላኩ ብቻውን አይረዳም፤ የድሮዎቹ መስመሮች እንደገና አልወረዱምና።

አስተማማኙ አሠራር ጥሬ ዋጋዎችን በአንድ ሰንጠረዥ፣ ስፕሊቶችንና ድርሻዎችን በሌላ አስቀምጦ፣ የተስተካከለውን ዋጋ በእያንዳንዱ ሩጫ ከመጀመሪያው ማስላት ነው። የአሥር ዓመት ዕለታዊ ዋጋ 2,500 መስመር ያህል ብቻ ስለሆነ ለኮምፒውተር ሸክም አይደለም። ጥሬ ዋጋ የማይገኝ ከሆነ፣ በየቀኑ ከአዲሱ መስመር ጋር ያለፉትን ጥቂት ቀናት ደግሞ አውርዶ ከተቀመጡት ጋር ማነጻጸር ይቻላል። የዓርቡ ዋጋ በፋይሉ 499.23፣ አዲስ በወረደው 124.81 ከሆነ ታሪኩ በሙሉ እንደገና መውረድ አለበት። ለትርፍ ድርሻ ልዩነቱ 0.18 በመቶን ያህል ትንሽ ሊሆን ስለሚችል የማነጻጸሪያው ገደብ ጠበቅ ማለት ይኖርበታል። ነገር ግን በ5 ዶላር አክሲዮን ላይ አንዲት ሳንቲም ብቻዋን 0.2 በመቶ ናት፤ ስለዚህ ርካሽ በሆኑ አክሲዮኖች ላይ የሳንቲም ማጠጋጋት ትንሹን ድርሻ ሊሸፍነው ይችላል።

ዋጋዎቹ ተስተካክለውም የሚረሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ፕሮግራሙ ከትናንት ይዞት የመጣው የአመልካች ውጤት ነው፤ የRSI አማካይ ትርፍና ኪሳራ በድሮው ዶላር ተቀምጠው ከቀሩ የተስተካከለ ዋጋ ብቻውን አያድናቸውም። ሁለተኛው ተጠቃሚው በእጁ የጻፈው ገደብ ነው። «አፕል ከ450 በታች ሲወርድ አሳውቀኝ» የሚል ትእዛዝ ከስፕሊቱ በኋላ 112.50 መሆን ነበረበት፤ ካልተለወጠ በየቀኑ ይጮኻል።

የተስተካከለ ታሪክ ራሱ ሊያሳስት የሚችልበትም ቦታ አለ። ኦገስት 28 ቀን 2020 አፕልን በ124.81 ዶላር የገዛ ማንም የለም። «ዋጋው ከ10 ዶላር በታች የሆነ አክሲዮን አትግዛ» የሚል ደንብ በድሮ መረጃ ላይ ሲሞከር፣ በጊዜው በመቶዎች ዶላር ይሸጡ የነበሩ አክሲዮኖች ከኋለኞቹ ስፕሊቶች የተነሳ ርካሽ መስለው ሊጣሉ ይችላሉ። በዶላር መጠን ላይ ለተመሠረተ ደንብ የሚያገለግለው ጥሬው ዋጋ ነው፤ የተስተካከለው የሚያገለግለው ቀናትን እርስ በርስ ለሚያነጻጽር ስሌት ነው።