ቪዲዮው ሥር የሚሰካው ኮሜንት

የድፎ ዳቦ አሠራር በሚያሳይ የዩቲዩብ ቪዲዮ ሥር የተጻፉትን ኮሜንቶች ያነበበ ሰው ጥያቄዎቹ እንደሚደጋገሙ ቶሎ ያስተውላል። ዱቄቱ ስንት ነው? ኮባ ለሌለን ምን ይሻላል? ኦቨኑ ስንት ዲግሪ ላይ ይሁን? ባለሙያዋ ሁሉንም በቪዲዮው ውስጥ ተናግራ ይሆናል። ሊጥ በእጁ የያዘ ሰው ግን ስልኩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያመላለሰ መልስ መፈለግ አይመቸውም። ባለቻናሏ ራሷ ጽፋ ከሁሉም በላይ የምትሰካው ኮሜንት የሚጠቅመው ለዚህ ሰው ነው።

አሰካኩ ቀላል ነው። በቻናሏ ስም ኮሜንቱን ጽፋ ትልካለች፤ ከዚያ ከጎኑ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታ Pin የሚለውን ትመርጣለች። ለአንድ ቪዲዮ የሚሰካው አንድ ኮሜንት ብቻ ነው። ሌላ ከተሰካ የቀድሞው ወደ ሌሎቹ መሃል ይመለሳል። ለልጆች የተሠራ ተብሎ የተመዘገበ ቪዲዮ ደግሞ ኮሜንት ስለማይቀበል የሚሰካ ነገር አይኖረውም።

ብዙ ባለቻናሎች ይህን ቦታ የፍለጋ ቃላት መደርደሪያ ያደርጉታል፦ «ድፎ ዳቦ፣ የዳቦ አሠራር፣ የኢትዮጵያ ዳቦ፣ የበዓል ዳቦ፣ ምርጥ ዳቦ»። ዩቲዩብ ፍለጋው እንዴት እንደሚሠራ ሲያስረዳ የሚጠቅሰው ርዕሱን፣ ታጉን፣ መግለጫውንና የቪዲዮውን ይዘት ነው፤ ኮሜንትን አያነሳም። ስለዚህ ዋናው የፍለጋ ቃል ርዕሱና መግለጫው ውስጥ ካልገባ የተሰካ ኮሜንት አያካክሰውም። በእኔ እምነት በኮሜንቱ ውስጥ ያለ ቁልፍ ቃል ዋና ሥራው ሰውን ማገልገል ነው። ውጭ አገር ያደገችና በላቲን ፊደል difo dabo ወይም defo dabo ብላ የፈለገች ልጅ የምታውቀውን አጻጻፍ እዚያ ስታገኝ የምትፈልገው ይኸው መሆኑን ታረጋግጣለች። ቃሉ ግን ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሥራ ይዞ መግባት አለበት። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ድፎ ዳቦ difo dabo በኦቨን፦ 1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 650 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ 10 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ኮባ ካጣችሁ የሙዝ ቅጠል ወይም የመጋገሪያ ወረቀት ይሆናል፤ አነጣጠፉ 4:35 ላይ አለ። እናንተ ባላችሁበት አገር ኮባውን በምን ተካችሁት?»

ልኬቱ መጀመሪያ የመጣው በምክንያት ነው። በስልክ ላይ ረጅም ኮሜንት ሙሉ በሙሉ አይታይም፤ ቀሪው የሚነበበው ተመልካቹ ከነካው ብቻ ነው። «ውድ ቤተሰቦቼ እንደምን ሰነበታችሁ» ብሎ የሚጀምር ኮሜንት ሰላምታውን አሳይቶ ዱቄቱን ይደብቃል። 4:35 ተብሎ የተጻፈው ሰዓት ደግሞ ሲነካ ቪዲዮውን እዚያው ቦታ ላይ ያስጀምራል፤ ጠያቂውም ኮባው ወደሚነጠፍበት ደቂቃ በቀጥታ ይደርሳል።

የበለጠ ማሰብ የሚፈልገው የመጨረሻው ጥያቄ ነው። «ወደዳችሁት?» ለሚል ጥያቄ የሚመጣው መልስ «አዎ» ወይም የልብ ምስል ነው፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው ያበቃል። ስለ ኮባው የተጠየቀ ሰው ግን ከራሱ ማዕድ ቤት የሚናገረው አለው። ሪያድ ያለችው የሙዝ ቅጠል ከየት እንደምትገዛ፣ ዋሽንግተን ያለው ወረቀቱ ላይ ምን ያህል ዘይት እንደሚቀባ ይጽፋሉ። ነገ የሚመጣው ተመልካች የሚፈልገውን ምክር ከእነሱ ያገኛል፤ ሰዎች ነገሩን የሚጠሩበት ቃልም ማንም ሳይደረድረው እዚያው ይሰበሰባል። ታዲያ ባለቻናሏ የመጀመሪያዎቹን መልሶች ዝም ብላ ካለፈች፣ ጥያቄው ከልብ እንዳልነበረ ይቆጠርና ሌላው መጻፉን ይተወዋል። ሁለት ሦስት ጥያቄ ማከማቸትም አይበጅም፤ የቱን እንደሚመልስ ያልገባው ሰው ሁሉንም ያልፋል።

«ሰብስክራይብ አድርጉኝ፣ እኔም አደርጋችኋለሁ» የሚል ግብዣ ከናካቴው መቅረት አለበት፤ የዩቲዩብ ደንብ ይከለክለዋል። ቪዲዮው አጭሩ፣ ሾርትስ የሚባለው ከሆነ ደግሞ ኮሜንት ውስጥ ሊንክ ማስቀመጥ አይጠቅምም፤ ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ እዚያ ያለ ሊንክ ቢነካ አይከፈትም።

ኮሜንቱ ሥራውን መሥራቱ የሚታወቀው ከሥሩ በሚመጣው ነው። ከተሰካ ሳምንት አልፎት «ዱቄቱ ስንት ነው?» የሚል አሁንም ከመጣ፣ ልኬቱ አልታየም ወይም ግልጽ አይደለም ማለት ነው። ከሌላ ሰው ስልክ ቪዲዮውን ከፍቶ ሳይነኩ የሚታየው እስከ የት እንደሆነ ማየት ችግሩን ያሳያል። ከመልሶቹ መሃል አዲስ ጥያቄ፣ ለምሳሌ «ኦቨን የሌለን በምጣድ እንዴት እንጋግር?» የሚል ደጋግሞ ከመጣ፣ መልሱን ከልኬቱ ቀጥሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍና የኮባውን ጥያቄ በምጣዱ መለወጥ ነው።